የማድያት ክሬም በቴሌግራም ከመግዛታችሁ በፊት፦ ሐሰተኛውንም አደገኛውንም መለያ መመሪያ

ፋርማሲ ውስጥ ስለምሠራ ስልኬ በክሬም ፎቶ ተሞልቷል። ከፎቶው ሥር የሚመጣው ጥያቄም አንድ ነው፦ «ይሄ ኦሪጅናል ነው?»

ጥያቄው ግማሽ ነው። ኦሪጅናል ሆኖም ፊት የሚያበላሽ ክሬም አለ። ፋብሪካው ራሱ ሜርኩሪ ወይም ጠንካራ ስቴሮይድ የከተተበት ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ዕቃው ነኝ የሚለውን ነው ወይ? ሁለተኛ፣ ነኝ የሚለውን ቢሆንስ ፊት ላይ የሚቀባ ነገር ነው ወይ?

ይህ መመሪያ በማድያትና «ፊት በሚያጠሩ» ክሬሞች ላይ ብቻ ያተኩራል። ሐሰተኛውም አደገኛውም በብዛት የሚገናኙት እዚያ ነው። ሌላውን ኮስሜቲክስ ስትገዙም አብዛኛው እርምጃ ይሠራላችኋል።

ለምሳሌ የምንይዘው አንዲት ደንበኛ የላከችልኝን ክሬም ነው። 50 ግራም የሚይዝ ነጭ ማሰሮ ነው። በቴሌግራም ቻናል ላይ «ማድያትን በ7 ቀን የሚያጠፋ፣ መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ፣ በኤፍዲኤ የጸደቀ፣ ዋጋ በውስጥ መስመር» ይላል። ክሬሙን ደረጃ በደረጃ አብረን እናየዋለን።

የሚያስፈልጋችሁ

- ፎቶ አጉልቶ የሚያሳይ ስልክና ኢንተርኔት
- የኩባንያው የራሱ ድረ ገጽ (የሻጩ ቻናል አይደለም)
- ጥሩ ብርሃን፣ ቢቻል የቀን ብርሃን
- ዕቃው አጠራጣሪ ሆኖ ከተገኘ የምታሽጉበት ዚፕ ያለው ፕላስቲክ ከረጢት
- ክሬሙን ለመሞከር አንድ ሳምንት ትዕግሥት

መጀመሪያ እነዚህን አንብቡ

ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም የምታጠቡ ከሆነ ማንኛውንም የሚያጠራ ክሬም ሐኪም ሳታማክሩ አትግዙ። ማድያት ብዙ ጊዜ የሚወጣው በእርግዝና ወቅት ስለሆነ ክሬም ፍለጋ የሚጀመረውም ያኔ ነው። ሜርኩሪ ደግሞ በእናቲቱ ቆዳ ገብቶ ወደ ፅንሱ ይደርሳል።

አንድን ክሬም ለወራት በየቀኑ ስትቀቡ ከቆያችሁና ስታቆሙ ፊታችሁ የሚቀላና የሚያቃጥል ከሆነ፣ ይህን መመሪያ ከላይ ወደ ታች ከመሄድ በቀጥታ መጨረሻ ላይ ወዳለው «ገዝታችሁ ከተቀባችሁ» ወደሚለው ክፍል ዝለሉ።

እርምጃ 1፦ ማስታወቂያው የሚላችሁን ቀን ቁጠሩ

ከሁሉ በፊት «በስንት ቀን?» የሚለውን ፈልጉ። የቆዳ የላይኛው ክፍል ራሱን ለመተካት አንድ ወር ገደማ ይፈጃል። ለማድያት የሚሠሩ የታወቁ ነገሮች፣ እንደ አዜሌይክ አሲድና ኒያሲናማይድ ያሉት፣ ለውጣቸው የሚታየው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። እሱም ሰንስክሪን በየቀኑ ከተቀባ።

ታዲያ በ3 ቀንና በ7 ቀን ፊት የሚያጠራው ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታዞን የሚባል ስቴሮይድ ነው። ስቴሮይድ የደም ሥርን ያጠባል፣ መቅላትንና እብጠትን ያጠፋል። ብጉሩ ይሟሽሻል፣ ፊቱ ይፈካል። ሰው የሚወደውም ለዚህ ነው። ክሎቤታሶል ከቆዳ ስቴሮይዶች ሁሉ ጠንካራ ከሚባሉት የሚመደብ ሲሆን፣ በሐኪም ትእዛዝ ሲሰጥ እንኳ ለፊት አይመከርም፣ ጊዜውም በሳምንታት ይገደባል። ያለ ልክ ሲቀባ ቆዳውን ያሳሳል፣ ደም ሥሮቹ ከላይ ይታያሉ፣ ፊት ላይ ፀጉር ይበቅላል፣ አዲስ ዓይነት ብጉር ይወጣል። ሲቆም ደግሞ ፊቱ እንደ እሳት ይነድዳል። ሰውየው «ክሬሙን ስተው ባሰብኝ» ብሎ ተመልሶ ይገዛል። ሻጩ ደንበኛ አገኘ ማለት ነው።

የእኛ ማሰሮ «በ7 ቀን» ስላለ እዚሁ ላይ ልናቆም እንችል ነበር። እኔ ብሆን አቆማለሁ። ግን ሁሉም ማስታወቂያ ቀኑን አይናገርም፤ ስለዚህ እንቀጥል።

እርምጃ 2፦ ሻጩን የዛሬ ፎቶ ጠይቁ

በቻናሉ ላይ ያለው ፎቶ ብዙ ጊዜ ከኩባንያው ድረ ገጽ የተወሰደ ነው። የሚያምረውም ለዚህ ነው። ፎቶውን በጉግል ሌንስ ብትፈልጉት ተመሳሳዩ በብዙ ሱቆች ሊመጣ ይችላል። ይህ ብቻውን ሻጩን ሌባ አያሰኘውም። ፎቶው ግን እጁ ላይ ስላለው ዕቃ ምንም አይነግራችሁም።

በውስጥ መስመር እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

«እባክዎ ዕቃውን ከዛሬ ቀን ጋር ወረቀት ላይ ጽፈው አጠገቡ አስቀምጠው ፎቶ ያንሱልኝ። የካርቶኑን ጀርባ፣ የማሰሮውን ጀርባ፣ የማሰሮውን ታች እና የባች ቁጥሩን ለየብቻ።»

ቀኑ የተጻፈበት ወረቀት የሚያስፈልገው ፎቶው ከሌላ ቦታ እንዳይለቀም ነው። የማሰሮው ታች የሚያስፈልገው ባች ቁጥሩ፣ ማለትም በአንድ ዙር የተመረተ ዕቃ የሚጋራው ቁጥር፣ ብዙ ጊዜ እዚያ ስለሚታተም ነው። ጀርባው ደግሞ እርምጃ 3 ላይ ዋናው ሥራችን ነው።

ፎቶውን በደቂቃዎች የሚልክ ሻጭ አለ። «ስቶር ነው ያለው»፣ «አንቺ ብቻ ነሽ የምትጠይቂው»፣ «ካላመንሽ ተይው» የሚልም አለ። ክርክር ውስጥ አትግቡ። ፎቶ ከሌለ ግዢ የለም።

ለደንበኛዬ ሻጩ የላከላት የማሰሮውን ፊትና የካርቶኑን ጀርባ ብቻ ነበር። ታቹ አልመጣም።

እርምጃ 3፦ ጀርባው ላይ እነዚህን ስሞች ፈልጉ

ዝርዝሩ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ እንዳለ አስቀምጣለሁ። ስልካችሁ ላይ አስቀምጡትና ከፎቶው ጋር አስተያዩ።

```
Mercury
Mercurous chloride
Mercuric iodide
Calomel
Mercurio
Ammoniated mercury
Hydroquinone
Clobetasol propionate
Betamethasone
Tretinoin
```

የመጀመሪያዎቹ ስድስቱ ሁሉም ሜርኩሪ ናቸው፣ በአገርኛው ባዜቃ። ሜርኩሪ ቀለም የሚሠራውን የቆዳ ሥራ ስለሚያግድ ያነጣል። በቆዳ ገብቶ ግን ኩላሊት ላይ ይከማቻል፣ ነርቭንም ይጎዳል። በእንፋሎት መልክ ስለሚወጣና በእጅ፣ በፎጣና በትራስ ስለሚተላለፍ የተቀባችው እናት ብቻ ሳትሆን አቅፋ የምታስተኛው ሕፃንም ይመረዛል። ስለዚህ ሜርኩሪ ላይ «ትንሽ ብቀባስ?» የሚባል ነገር የለም።

ሃይድሮኪኖን ትንሽ የተለየ ነው። የቆዳ ሐኪም ለማድያት ሊያዘው ይችላል፣ በተወሰነ መጠንና ጊዜ። የአውሮፓ ኅብረት ግን ቆዳ በሚያነጡ ኮስሜቲክሶች ውስጥ ከልክሎታል፤ አሜሪካም ከ2020 ጀምሮ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጥ አድርጋለች። ለዓመታት ሲቀባ ቆዳው ላይ ሰማያዊ የሚመስል ጥቁረት ያመጣል፤ ይህን ማስለቀቅ በጣም ከባድ ነው። ማድያት ለማጥፋት የተገዛ ክሬም ከማድያት የባሰ ጥቁረት ትቶ ይሄዳል። ትሬቲኖይንም እንዲሁ መድኃኒት ነው፤ በእርግዝና አይቀባም።

አሁን ብዙ ሰው የሚያልፈውን ምልክት ልንገራችሁ። አንዳንድ ክሬም ሜርኩሪ አለብኝ አይልም። ትንሹ ጽሑፍ ውስጥ ግን «ከወርቅ፣ ከብር፣ ከአሉሚኒየም፣ ከጎማና ከጌጣጌጥ ጋር አይነካካ» የሚል ማስጠንቀቂያ ታገኛላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ማስጠንቀቂያ እንደ ሜርኩሪ ጥቆማ ይቆጥረዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሜርኩሪ ወርቅና ብርን ያበላሻል። ለፊት የሚሆን ተራ ክሬም ቀለበታችሁን የሚፈራበት ምክንያት የለውም።

በእኛ ማሰሮ ካርቶን ላይ የተጻፈው «የዕንቁ ንጥረ ነገር፣ ቫይታሚን ኢ፣ እሬት» ብቻ ነው። ፎቶውን ስናጎላው በታችኛው ጥግ ላይ «ከወርቅና ከብር ጌጥ አርቁ» የሚል መስመር አለ። ለእኔ ነገሩ እዚህ ላይ አለቀ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ስሞቹ አለመኖራቸው ክሬሙን ንጹሕ አያደርገውም። ሜርኩሪ የሚከት ሰው ጀርባው ላይ ሊጽፈው አይገደድም። ይህ እርምጃ የሚጥላችሁን ዕቃ ይጥላል እንጂ የቀረውን አያጸድቅም። ለዚህ ነው ቀጣዩ ያስፈለገው።

እርምጃ 4፦ ማን እንደሠራው ፈልጉ

ጥሩ ጀርባ ላይ እነዚህ አሉ፦ የአምራቹ ወይም የአስመጪው ሙሉ ስምና አድራሻ፣ ሙሉ የግብዓት ዝርዝር፣ ባች ቁጥር፣ እና የአገልግሎት ጊዜ። የአገልግሎት ጊዜው በቀን ካልተጻፈ ክዳኑ የተከፈተ ማሰሮ ሥዕል ታያላችሁ። ውስጡ 12M ካለ ከተከፈተ በኋላ 12 ወር ማለት ነው።

አሁን የኩባንያውን ድረ ገጽ ራሳችሁ ፈልጋችሁ ክፈቱ። ሻጩ የላከውን ሊንክ አትጠቀሙ፤ ሐሰተኛ ገጽ መሥራት ክሬም ከመሥራት ይቀላል። እዚያ ምርቱን አግኙና የግብዓት ዝርዝሩን ቃል በቃል ከፎቶው ጋር አንብቡ። ኩባንያዎች ቅመማቸውን አንዳንዴ ስለሚቀይሩ አንድ ሁለት ስም ቢለያይ አትደንግጡ። ዝርዝሩ ግማሽ ከሆነ፣ ፊደል የተሳሳተ ከሆነ፣ ወይም በድረ ገጹ ላይ ያ መጠን ጨርሶ የማይሸጥ ከሆነ ግን ተዉት። ድረ ገጹ 30 ሚሊ ብቻ የሚያወጣውን ሴረም ሻጩ በ100 ሚሊ ጠርሙስ ካመጣ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ዋጋውንም እዚያው እዩ። ከኩባንያው ዋጋ ላይ ማጓጓዣ፣ ቀረጥና የሻጭ ትርፍ ይጨመራል። ይህ ሁሉ ተጨምሮበት ከድረ ገጹ ዋጋ በግማሽ የሚሸጥ ዕቃ ከየት መጣ? የዋጋው መወደድ ግን ማረጋገጫ አይሆንም። አስመሳዮችም ዋጋ መስቀል ያውቃሉ።

ባርኮድ ላይ ብዙ አትመኩ። በ300 እና በ379 መካከል የሚጀምር ባርኮድ የፈረንሳይ ነው ይባላል። ቁጥሩ የሚያሳየው ግን ኩባንያው ቁጥሩን የወሰደበትን አገር እንጂ ዕቃው የተሠራበትን አይደለም። ከሁሉም በላይ ባርኮድ ሥዕል ነው፤ ከኦሪጅናሉ ካርቶን ይቀዳል። ስካን አድርጋችሁ ትክክለኛው ስም ቢመጣ ሐሰተኛውም ያንኑ ስም ያመጣል። የባች ቁጥር የሚያነቡ ድረ ገጾችም እንደዚሁ ናቸው፤ ቁጥሩ የሚለውን ቀን ይነግሯችኋል፣ ማሰሮው ውስጥ ያለውን አይነግሯችሁም።

ስለ «ሰው በሻንጣ ያመጣው ነው» ደግሞ አንድ ቃል። ዱባይ ወይም አሜሪካ ያለች እህታችሁ ራሷ ከታወቀ ሱቅ ገዝታ ብትልክ ጥሩ ነው። ግን እዚያም ቢሆን በትልልቅ የኦንላይን ገበያዎች ላይ የሚሸጠው ገበያው ራሱ ብቻ አይደለም፤ ማንም ሰው ሱቅ ከፍቶ ይሸጥበታል። ከመግዛቷ በፊት «ሻጩ ማን ነው?» የሚለውን መስመር እንድታይ ንገሯት። የብራንዱ ስም ከሌለበት ከኩባንያው ድረ ገጽ ወይም ከፋርማሲ ትግዛ።

ታሽጎ የመጣ የታወቀ ብራንድም በመንገድ ላይ ሊነካካ ይችላል። በ2019 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በካሊፎርኒያ ሳክራሜንቶ አንዲት ሴት እጆቿ ደነዘዙ፣ እይታዋ ብዥ አለ፣ ንግግሯ ተንተባተበ፣ አካሄዷ ተንገዳገደ። ክሬሟ ከሜክሲኮ በሰው በሰው የመጣ ነበር፤ ማሰሮው የታወቀ ብራንድ ስም ነበረበት። ሲመረመር 12,000 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን ክፍል 12,000 ክፍል፣ ሜርኩሪ ተገኘበት። አሜሪካ በፊት ክሬም ላይ ሳይታወቅ ቢገኝ የምትታገሠው ከ1 ፒፒኤም በታች ነው። ሜርኩሪው የተጨመረው ዕቃው ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ነበር።

እርምጃ 5፦ «ይዟል» ሲሉ ምን ያህል እንደያዘ ጠይቁ

እስካሁን ያለፈ ክሬም አለ እንበል። አሁን ከደኅንነት ወደ ገንዘባችሁ እንምጣ። የፊት ለፊቱ ጽሑፍ «ቫይታሚን ሲ» ይላል። ምን ያህል?

የግብዓት ዝርዝር ከብዙ ወደ ጥቂት ይጻፋል። መጀመሪያ የተጻፈው በብዛት ያለው ነው። ከ1 በመቶ በታች የሆኑት ግን በፈለጉት ቅደም ተከተል ሊደረደሩ ይችላሉ። ስለዚህ የ1 በመቶው ድንበር የት እንዳለ መገመት ያስፈልጋል። ለዚህ የምንጠቀምበት ፌኖክሲኤታኖል የሚባለውን ማቆያ ነው። በአውሮፓ ሕግ ከ1 በመቶ በላይ መግባት አይችልም። ከእሱ በኋላ የተጻፈ ነገር እንግዲህ 1 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ነው ብለን እንወስዳለን።

ለማሳያ ይህን ዝርዝር እዩ፦

```
Aqua, Glycerin, Cetearyl Alcohol, Niacinamide,
Phenoxyethanol, Parfum, Ascorbic Acid,
Glycyrrhiza Glabra Root Extract
```

አስኮርቢክ አሲድ ማለት ቫይታሚን ሲ ነው። ከማቆያውም ከሽቶውም በኋላ መጣ። በቫይታሚን ሲ ሴረሞች ላይ የተለመደው መጠን ከ10 እስከ 20 በመቶ ነው፤ ይህ ክሬም ግን ቢበዛ 1 በመቶ ነው ያለው። ስሙን ለማስታወቂያ ያህል ጣል አድርገውታል። የመጨረሻው ረጅም ስም ሊኮሪስ የሚባለው ተክል ሥር ነው፤ እሱም እዚያው ጭራ ላይ ነው። ኒያሲናማይድ ግን ከማቆያው በፊት አለ። ስለዚህ ይህን ክሬም የምትገዙት ከሆነ በኒያሲናማይዱ እንጂ በቫይታሚን ሲው አይሁን። ፊት ለፊት የተጻፈውም የጭራው ስም መሆኑን ልብ በሉ።

ይህ ዘዴ ግምት ነው። ጭራ ላይ ያለ ሁሉ ከንቱ አይደለም። ሬቲኖል ለምሳሌ በ0.3 በመቶም ይሠራል። ስለዚህ «በ1 በመቶ በታች ይሠራል ወይ?» ብላችሁ እያንዳንዱን ለብቻው ጠይቁ። ለቫይታሚን ሲ መልሱ አይሠራም ነው፤ ለሬቲኖል ይሠራል።

ዝርዝሩ ውስጥ ውሃ እያለ ምንም ማቆያ ከሌለስ? ይህ በሰፈር ተቀላቅሎ በማሰሮ የሚሸጠው «ቅልቅል» ላይ ይበዛል። «ማቆያ የለበትም፣ ጤናማ ነው» ይሏችኋል። ውሃ ያለበት ክሬም ያለ ማቆያ ባክቴሪያና ሻጋታ ያበቅላል፤ በዓይን ሳይታይም። ለዓይን አካባቢ ደግሞ ይህ ቀልድ አይደለም።

እርምጃ 6፦ ትልልቅ ቃላቱን አውልቁ

«በኤፍዲኤ የጸደቀ»፦ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ኮስሜቲክስ ገበያ ከመውጣቱ በፊት አያጸድቅም፤ ማቅለሚያዎችን ብቻ ነው አስቀድሞ የሚያጸድቀው። ኩባንያ ፋብሪካውን ማስመዝገቡ ማጽደቅ አይባልም። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ያለበት ክሬም ገና ከመጀመሪያው ዋሽቷችኋል። ሰው አንድ ከዋሸ ሌላውን ለምን እናምነዋለን?

«ተፈጥሯዊ»፦ ሜርኩሪም ከመሬት ይወጣል። ሎሚ ፊታችሁ ላይ ቀብታችሁ ፀሐይ ላይ ብትወጡ ቆዳው ሊቃጠልና ሊጠቁር ይችላል።

«በቆዳ ሐኪም የተፈተነ»፣ «አለርጂ የማያመጣ»፦ እነዚህ በአሜሪካ ሕግ የተወሰነ ትርጉም የላቸውም። አንድ ሐኪም አይቶት ሊሆን ይችላል። ስንት ሰው ላይ፣ ለስንት ጊዜ፣ ውጤቱ ምን ነበር? ካልተጻፈ ቃሉ ባዶ ነው።

«ከሃይድሮኪኖን ነፃ»፦ እውነት ሊሆን ይችላል። ከሜርኩሪ ነፃ ነው ግን አላለም።

«ቅልቅል»ም «የሚያጠራ መርፌ»ም በዚሁ ቻናል ላይ ይመጣሉ። ስለ መርፌው አንድ ቃል ብቻ፦ የአሜሪካው ኤፍዲኤ ቆዳ ለማንጣት ያጸደቀው አንድም መርፌ የለም። ቻናሉን ዝጉት።

እርምጃ 7፦ ዴሊቨሪው ሲደርስ

ከተቻለ ክፍያው ዕቃውን ካያችሁ በኋላ ይሁን፤ ቴሌብርም ሆነ የባንክ ዝውውር ከተላከ በኋላ የሚመልስላችሁ ሻጭ ማግኘት ከባድ ነው። ሞተረኛው ቸኩያለሁ ይላችኋል። ለሁለት ደቂቃ ያቁም።

ሳትከፍቱ በፊት ቪዲዮ መቅረጽ ጀምሩ። የካርቶኑን ባች ቁጥር ከማሰሮው ባች ቁጥር ጋር አስተያዩ። መለያየት የለበትም። ማሰሮው ላይ ቁጥሩ የተለጠፈ ወረቀት ከሆነ በጥፍር ጫር አድርጉት፤ ከሥሩ ሌላ ቁጥር ወይም ሌላ ቀን ካለ አዲስ ቀን ተለጥፎበታል ማለት ነው። ሁለት ማሰሮ ከገዛችሁና በኋላ ጓደኛችሁ ከሌላ ሻጭ የገዛችውም አንድ ዓይነት ባች ከሆነ ጠርጥሩ። አስመሳይ አንድ ቁጥር ያትምና ሁሉም ላይ ይለጥፈዋል።

ከክዳኑ ሥር ያለው ፎይል የተነሳና መልሶ የተጣበቀ እንዳይሆን ጠርዙን ዙሩት። ክሬሙ ግራጫ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ከመጣ፣ የብረት ሽታ ካለው፣ ዘይቱና ውሃው ከተለያየ አትቀቡት።

የደንበኛዬ ማሰሮ ሲደርስ ታቹ ባዶ ነበር። ባች የለውም። ገንዘቡን ስላልላከች ለሞተረኛው መለሰችለት።

እርምጃ 8፦ ክንድ ላይ ሞክሩ

ያለፈውን ክሬም በክርናችሁ መታጠፊያ አካባቢ፣ የሳንቲም ያህል ቦታ ላይ፣ ጠዋትና ማታ ለ7 ቀን ቀቡ። ቦታው እንዳይቀያየር በእስክሪብቶ ዙሪያውን አስምሩበት። ከቀላ፣ ካሳከከ ወይም ካበጠ አቁሙ። አንድ ጊዜ ቀብቶ ማየት አይበቃም፤ አለርጂ ከቀናት በኋላ ሊወጣ ይችላል።

ሙከራው የሚነግራችሁ ቆዳችሁ ክሬሙን መታገሡን ብቻ ነው። ሜርኩሪን አያሳይም። ስቴሮይድ ያለበት ክሬም ደግሞ ፈተናውን ከሁሉም በተሻለ ያልፋል፤ ስቴሮይድ መቅላትን ያጠፋላ። ለዚህ ነው ይህ እርምጃ መጨረሻ ላይ የመጣው። ከሌሎቹ በፊት የሠራችሁት እንደሆነ ያታልላችኋል።

በብዛት የማያቸው ስህተቶች

ክሬሙን ውሃ ውስጥ መጨመር፣ በክብሪት ማቃጠል፣ የወርቅ ቀለበት ላይ ማሸት። ሦስቱም በቲክቶክ ላይ ይታያሉ። ሜርኩሪ የሚለየው በላብራቶሪ መሣሪያ ነው፤ ማቃጠል ደግሞ ሜርኩሪ ካለ እንፋሎቱን ወደ ሳንባችሁ ይልከዋል። ፈጽሞ አታድርጉት።

የደንበኞችን አስተያየት ማመን ሌላው ነው። «በሳምንት ለውጥ አየሁ» የሚል አስተያየት የሚያሳየው ክሬሙ እንደሚሠራ ነው። ስቴሮይድም ይሠራል! ጉዳቱ የሚመጣው አስተያየቱ ከተጻፈ ከወራት በኋላ ስለሆነ ማንም ተመልሶ አይጽፈውም። የሚጽፍ ቢኖርም ሻጩ ያጠፋዋል።

የቀድሞ ግዢ ላይ መተማመንም አለ። «ባለፈው ጥሩ ነበር» ትላላችሁ። ባለፈው የመጣው ባችና ዛሬ የመጣው አንድ ላይሆን ይችላል። እርምጃ 2 እና 7ን በየግዢው ድገሙ።

የመጨረሻው ክሬሙን ለውጦ ፀሐዩን መርሳት ነው። ማድያት ያለ ሰንስክሪን በምንም ክሬም አይቆምም። ሰንስክሪን ስትገዙም ይህንኑ መመሪያ ተከተሉ፤ በአውሮፓ ኅብረት ምክረ ሐሳብ መሠረት የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር 50+ ስለሆነ ከአውሮፓ መጣ ተብሎ 100 የሚል ካያችሁ ጠርጥሩት።

ገዝታችሁ ከተቀባችሁ

ጀርባው ላይ ሜርኩሪ ወይም የወርቅና የብር ማስጠንቀቂያ ካገኛችሁ ዛሬውኑ አቁሙ። እጃችሁን ታጠቡ። ማሰሮውን ዚፕ ባለው ከረጢት አሽጉት፤ ሽንት ቤት ወይም ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉት፣ ለምርመራ ያስፈልጋል። የተቀባችሁበትን ፎጣና የትራስ ልብስ ለዩ። ወደ ሐኪም ሄዳችሁ «ሜርኩሪ ያለበት ክሬም ተቀብቻለሁ» ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ። የሽንት ምርመራ ሰውነታችሁ ውስጥ መኖሩን ያሳያል። ሕፃን ካላችሁ ይዛችሁት ሂዱ። የእግርና የፊት እብጠት፣ አረፋ የሚበዛበት ሽንት፣ የእጅ መንቀጥቀጥ ካለ ቀጠሮ አትጠብቁ።

ስቴሮይድ የተጻፈበትን ክሬም ለወራት ከተቀባችሁ በራሳችሁ ድንገት አታቋርጡት። የቆዳ ሐኪም ቀስ በቀስ ያስወጣችኋል። አዲስ አበባ ያላችሁ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና አለው። ክሬሙ ምን እንደያዘ ጨርሶ ካልታወቀ ደግሞ ማሰሮውን ይዛችሁ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ፤ ማቆሙን ወይም መቀነሱን ሐኪሙ ይወስን።

ከዚያ ጠቁሙ። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ኮስሜቲክስን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ ነፃ የስልክ መስመሩ 8482 ነው። ስትደውሉ የቻናሉን ስም፣ የክፍያውን ደረሰኝ፣ የማሰሮውን ፎቶና የከፈታችሁበትን ቪዲዮ አዘጋጁ። ቻናሉ ሊጠፋ ስለሚችል ከመደወላችሁ በፊት የማስታወቂያውንና ከሻጩ ጋር የተጻጻፋችሁትን ስክሪንሾት አንሱ።